በዓመት አንድ ስንዝር

ድንበር የሚገፋ ገበሬ በአንድ ቀን አይገፋም። በሬዎቹን ሊመልስ የማሳው ዳር ሲደርስ ማረሻውን ትንሽ ወዲያ ያሳልፈዋል፤ ሣር የበቀለበት ወሰን በዚያች ቀን አንድ ስንዝር ይቀጥናል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ስንዝር ይጨመራል። ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዐሥር ዓመት 2 ሜትር ይሞላል። ተገፊው ታዲያ "ዛሬ ተገፋሁ" ብሎ የሚጮህበት ቀን አያገኝም። የሚነቃው ከተማ የከረመ ልጁ ለበዓል መጥቶ "የእኛ ማሳ እስከዚህ ድረስ አልነበረም ወይ?" ሲለው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር በገጠር ፍርድ ቤቶች ከተለመዱት አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ከፍርድ ቤት ቀድሞ ዱላ ይደርሳል። ባለጉዳዮቹ ካርታ ይዘው፣ ደብተር ይዘው፣ ምስክር ቆጥረው ይመጣሉ። የትኛው ማስረጃ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰዎቹ የምናብ ናቸው፣ ቁጥሮቹም ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በአማራ ክልል በየወረዳው የሚያጋጥም ነው።

ባለቤታቸው በ2005 ዓ.ም. የሞቱባቸው አንዲት እናት ተዳፋት ላይ ማሳ አላቸው። ራሳቸው ማረስ ስለማይችሉ ለእኩል ሰጥተው ያሳርሳሉ። ከበታቻቸው ያለው ማሳ የአንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው ነው። ሁለቱን ማሳዎች 120 ሜትር የሚረዝም እርከን ይለያቸዋል፤ ድንበሩም የእርከኑ አፋፍ ነው። ከታች የሚያርስ ሰው የአፋፉን ሥር በማረሻ በነካ ቁጥር ከላይ ያለው አፈር ይናዳል። የሚናደው አፈር ደግሞ ከላይ እየታጠበ እርከኑ ላይ ሲጠራቀም የኖረው ለሙ አፈር ነው። ስለዚህ የታችኛው ባለማሳ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኛል፤ መሬቱ ይሰፋል፣ አፈሩም ይለማል። አፋፉ ወደ ላይ፣ ወደ እናትየዋ ማሳ ይሸሻል።

በ2017 ዓ.ም. እናትየዋ ከሰሱ። አቤቱታቸው "በ120 ሜትር ርዝመት 2 ሜትር፣ በጠቅላላው 240 ካሬ ሜትር ተወስዶብኛል" የሚል ነበር። ጎረቤታቸውም መልሱን አላዘገየም፤ "እርከኑን የናደው ዝናብ ነው፤ ካርታዬም ይኸው" አለ።

እናትየዋ በመጀመሪያ ያቀረቡት ማስረጃ የስፋት ልዩነት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የመጀመሪያ ዙር ምዝገባ የተሰጣቸው የይዞታ ደብተር ማሳውን 3 ጥማድ ይለዋል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ስለሚታሰብ ይህ 0.75 ሄክታር ነው። በ2010 ዓ.ም. በተሠራው ሁለተኛ ደረጃ ካርታ ላይ ግን ማሳው 0.71 ሄክታር ሆኖ ወጥቷል። የጎረቤታቸው ማሳ በደብተሩ 2 ጥማድ ወይም 0.50 ሄክታር ነበር፤ በካርታው 0.53 ሆኗል። የእሳቸው ጎደለ፣ የእሱ ተረፈ። ለብዙ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል።

አላለቀም። የመጀመሪያው ዙር ልኬት የተካሄደው በአብዛኛው በገመድ ነው፤ ገመድ ይረግባል፣ ይወጠራል፣ ያዡም አንዳንዴ ይቸኩላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ገመድ የሚለካው መሬት ለመሬት ተጎትቶ ሲሆን ካርታ የሚያሳየው ግን ከላይ ወደ ታች ሲታይ ያለውን ስፋት ነው። በ100 ሜትር ውስጥ 20 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ገመዱ 102 ሜትር የሚለውን ካርታው 100 ይለዋል። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ነው። በ0.75 ሄክታር ላይ ሲሰላ ማንም ሳይገፋ 150 ካሬ ሜትር ያህል "ይጠፋል" ማለት ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ያለው የስፋት ቁጥር ብቻውን ድንበር የት እንዳለ አይናገርም። ማሳ አራት ጎን አለው፤ ጉድለቱ በየትኛው ጎን እንደገባ ቁጥሩ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ዓይን ውስጥ ይገባል። የጎረቤትየውም ማሳ በዚያው ተዳፋት ላይ ነው። በገመድና በካርታ ልዩነት ቢሆን ኖሮ የእሱም መቀነስ ነበረበት፤ የእሱ ግን ጨመረ። ይህ ፍንጭ ነው፤ ከሌላ ጎረቤት ጋር ባለው ወሰን በኩል ሊጨምርም ይችላልና ከፍንጭ አያልፍም። ባለሙያ ወደ ማሳው መሄድ ያለበትም ለዚህ ነው።

የደብተሩ ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ነው። ደብተሩ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ በስም ይጽፋል። በአንድ በኩል "መንገድ"፣ በሌላ በኩል "ወንዝ" ወይም የእገሌ ማሳ ይላል። ፍርድ ቤት ውስጥ ይህ ከስፋቱ ቁጥር ይልቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ድንበሩን ሊያውቁ የሚገባቸውን ሰዎች ስም ይሰጣል።

ካርታውስ? ሁለተኛ ደረጃ የተባለው ምዝገባ የሚሠራው ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ፎቶው በትልቅ ወረቀት ታትሞ ወደ ቀበሌው ይመጣል። የመስክ ሠራተኞች ባለይዞታዎቹንና አዋሳኞቻቸውን ይዘው ማሳ ለማሳ ይዞራሉ፤ አዋሳኞቹ የተስማሙበትን ወሰን ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራሉ። ከዚያ ውጤቱ ቀበሌው ውስጥ ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ያቀርባል፣ ካላቀረበ ይጸድቃል። ካርታው ድንበሩን ከራሱ አላወቀውም፤ በዚያ ቀን ማሳው ላይ የቆሙት ሰዎች የነገሩትን ነው የያዘው።

በዚያ ቀን ደግሞ እናትየዋ አልነበሩም። ወሰኑን ያሳየው ማሳውን ለእኩል የሚያርሰው ሰው ነው፤ ከጎረቤትየው ጋር ሆኖ በወቅቱ ያለውን አፋፍ አሳየ። ካርታው በሚለጠፍበት ጊዜም ሄዶ ያየላቸው የለም። በብዙ ቀበሌ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። የአቅመ ደካሞች፣ የብቸኛ ሴቶችና ከተማ የሄዱ ሰዎች ማሳ ላይ ወሰን የሚያሳየው አዋሳኙ ራሱ ይሆናል።

የእስክሪብቶውም ውፍረት ቀላል አይደለም። በ1 ለ2000 በታተመ ፎቶ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር መስመር መሬት ላይ 1 ሜትር ይይዛል። ማለትም ክርክሩ ስለ ሁለት ስንዝር ከሆነ ካርታው መልስ የለውም። በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስም እንዲሁ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሄዶ "ድንበሩ እዚህ ነው" የሚል ባለሙያ ካለ ሪፖርቱን በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን ይገባል። ለዚህ ዓይነት ክርክር የሚሆነው ሳንቲ ሜትር የሚለየው፣ ከመነሻ ጣቢያ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ጂፒኤስ ወይም ቶታል ስቴሽን ነው።

በምሳሌያችን ፍርድ ቤቱ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መድቦ ቦታው እንዲታይ አዘዘ። ጥሩ ባለሙያ ከተከራካሪው አፋፍ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚለካው ማንም የማይከራከርባቸውን ወሰኖች ነው፤ የመንገዱን ዳር፣ የላይኛውን እርከን፣ በጎን ያሉትን የሌሎች ጎረቤቶች ድንበሮች። ካርታው በሙሉ በአንድ ሜትር ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቶ ከሆነ ያ ስሕተት በእነዚህም ላይ ይታያል። እዚህ ግን ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ከካርታው ጋር በደንብ ገጠሙ። ያልገጠመው የተከራከሩበት ጎን ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን በእኩል አልሳተም። በምዕራብ ጫፍ አንድ አሮጌ ወይራ አለ፤ እዚያ ላይ አፋፉ ከካርታው መስመር ጋር አንድ ነው። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር አፋፉ ከካርታው መስመር እየራቀ ወደ ላይኛው ማሳ ይገባል፤ በምሥራቅ ጫፍ 1.4 ሜትር ደርሷል። የወይራው ሥር ማረሻ አያስጠጋም፤ ስለዚህ እዚያ አልተነካም። ወፍራም የእስክሪብቶ መስመር እንዲህ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄድ ልዩነት አይፈጥርም። በሦስት ማዕዘን ሲሰላ ከካርታው በኋላ፣ ማለትም በሰባት ዓመት ውስጥ፣ የተነካው 84 ካሬ ሜትር ነው። ሰባት ዓመት በየዓመቱ አንድ ስንዝር ቢባል ልክ 1.4 ሜትር ይመጣል።

የዝናቡ መከራከሪያስ? ባለሙያው አፋፉን ቀርቦ አየው። ዝናብ የናደው እርከን እዚህም እዚያም ይቦረቦራል፤ የወረደው አፈርም ከሥሩ ተቆልሎ ይታያል። ይህኛው አፋፍ ግን በቀጥታ መስመር ተቆርጧል፤ ሥሩ ላይ የተቆለለ አፈር የለም፤ የሣሩ ሥሮችም በአንድ ከፍታ ላይ ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል። ይህ የማረሻ ሥራ ነው። ሪፖርቱ ላይ ይህን ከፎቶግራፍ ጋር አስቀመጠው፤ ያለ ፎቶ ቢሆን ኖሮ የሁለት ሰዎች ቃል ለቃል ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር።

ከ2010 በፊት የተገፋውን ግን ካርታ ሊያሳይ አይችልም። እዚህ ላይ ሥራው የምስክሮች ነው።

እናትየዋ አምስት ምስክር ቆጠሩ። ሦስቱ "ድንበሩ ከዚህ በታች እንደነበር እንሰማለን" የሚሉ ናቸው፤ ሰማን ማለት ብዙም አይመዝንም፤ ቁጥራቸው ቢበዛም እንዲሁ ነው። አራተኛው ማሳውን ለእኩል ያረሰው ሰው ነው። አፋፉ በየዓመቱ ሲናድ እንደነበር መሰከረ፤ ነገር ግን በካርታው ቀን ራሱ ያሳየውን ወሰን አሁን ማስተባበል ነበረበትና ተከላካዩ እዚያ ላይ ያዘው። "ያኔ ለምን ዝም አልክ?" ሲባል "ካለበት አሳዩ ተባልን፣ ካለበት አሳየን" አለ። ቃሉ እውነት ይመስላል፤ ግን ደካማ ነው።

ክርክሩን ያዞረው አምስተኛው ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ በቀበሌው መሬት ከሚያካፍሉት አንዱ የነበሩ አረጋዊ ናቸው። ችሎት ላይ "አውቃለሁ" ከማለት አልፈው ማሳው ላይ ቆመው ሊያሳዩ ፈቃደኛ ሆኑ። ቦታው ሲታይ ተከራካሪዎቹ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ተደረገ፤ ምስክር በባለጉዳይ ዓይን እየተመራ ድንበር እንዳያሳይ ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። አረጋዊው ከወይራው ተነሥተው፣ ማዶ ያለውን ሾላ እያዩ በቀጥታ ሄዱ። ምሥራቅ ጫፍ ሲደርሱ የጎረቤትየው ጤፍ ውስጥ ቆመው በበትራቸው መሬቱን ወጉት።

"ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን የተከልነው እዚህ ነው፤ ቆፍሩት።"

አንድ ክንድ ሳይሞላ ድንጋይ ወጣ። ድንጋይ በማሳ ውስጥ መገኘቱ ምንም አይደለም፤ የደጋ ማሳ ድንጋይ አይጠፋውም። ይህኛው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዙሪያውም በትንንሽ ድንጋዮች ተወትፏል። የተተከለ ድንጋይ የሚለየው በዚህ ነው። ከላይ የተናደው አፈር ሸፍኖት እንጂ ማንም አልነቀለውም። ባለሙያው ለካ፤ ድንጋዩ ከአሁኑ አፋፍ 2.1 ሜትር በታች ነው።

እንግዲህ ከወይራው እስከ ድንጋዩ ያለው ቀጥታ መስመር የድሮው ድንበር ከሆነ የተገፋው መሬት 126 ካሬ ሜትር ይሆናል። እናትየዋ 240 ነበር ያሉት። መገፋታቸው እውነት ነው፣ የጠየቁት ግን ከተገፋባቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁለት ሜትር የሚለው ግምት በምሥራቁ ጫፍ ልክ ነበር፤ ስሕተቱ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ እኩል አድርጎ ማባዛቱ ላይ ነው። ከ126ቱ 84ቱን ካርታው ራሱ ይደግፋል፤ የቀረው 42 ካሬ ሜትር በድንጋዩና በአረጋዊው ቃል ላይ ብቻ ያረፈ ነው።

በ2010 የተሠራው ካርታ የጎረቤትየው ጋሻ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል ወይ? የይዞታ ማረጋገጫ በእጁ ያለ ሰው መብቱ ያለው እሱ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምት ግን በማስረጃ ይፈርሳል። ባለይዞታዋ በሌሉበት የተሰመረ መስመር፣ በቦታው የቆመ የወሰን ድንጋይ ከተቃወመው፣ ዳኛው ግምቱን ለመተው በቂ ምክንያት አለው። ጎረቤትየውም ይህን ከጠበቃው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩ በወጣ ሳምንት ሽማግሌ ላከ።

ሕጉ ለሁለቱም ወገን ስምምነትን ያስመኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ይህ ክስ ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በየዓመቱ በስንዝር ለተገፋ ሰው ይህ ጭንቅ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንዝሮች በጊዜው ውስጥ ናቸው፤ ለቀሩት ግን ከሁከት ባለፈ መብቱን ከመሠረቱ ማስረዳት ይኖርበታል፣ እሱም ረጅም መንገድ ነው። ለእናትየዋ ድርድሩ ጊዜ ይቆጥባል። ለጎረቤትየው ደግሞ የክስ ኪሣራ፣ የሰብል ካሣና ምናልባትም የሰው ይዞታ በማወክ የሚመጣ የወንጀል ክስን ያስቀራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም ተከራካሪዎች በመጀመሪያ በውይይት እንዲጨርሱ ይል ነበር፤ አዋጁ በ2016 በሌላ ቢተካም በየቀበሌው አሠራሩ ይኸው ነው።

ሽማግሌዎች ፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀርበው ሐሳብ "ከመካከል ክፈሉት" ነው። ልኬት በሌለበት ጊዜ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ከተገኘ በኋላ ግን ለገፊው ግማሽ መሸለም ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ስንዝርም ከአዲሱ መስመር ይጀምራል። ሁለተኛው ሐሳብ አሁን ያለው አፋፍ ባለበት ቀርቶ እናትየዋ በሌላ ጎን ተመጣጣኝ መሬት እንዲያገኙ ነው፤ እርከኑን መልሶ መሥራት ከባድ ሲሆን ይህ ጥሩ መውጫ ነው፤ በመሬት አስተዳደሩ በኩል ካልተመዘገበ ግን ዋጋ የለውም። ሦስተኛው "ገንዘብ ልስጥዎና ይለቀቅልኝ" የሚለው ነው። ይህ መቀበል የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ ለድንበር የተከፈለ ገንዘብ የመሬት ሽያጭ ነው ተብሎ ነገ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ላጡት ምርት የሚከፈል ካሣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይቻላል።

የእኛዎቹ ባለጉዳዮች የጨረሱት እንዲህ ነው። ድንበሩ ከወይራው እስከ ድንጋዩ ቀጥታ እንዲሆን ተስማሙ። የቆመው ጤፍ የጎረቤትየው ነው፤ አጭዶ ይውሰድ ተባለ። በምትኩ በበጋው እርከኑን በድሮው መስመር ላይ መልሶ ይሠራል። ከወይራው በ60 እና በ120 ሜትር ላይ ድንጋይ ይቆማል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ከየማሳው አንድ ስንዝር ሳይታረስ ሣር ይበቅልበታል። አንዱ ሽማግሌ "እማማ፣ የክሱን ወጪስ?" ብለው ሲጠይቁ እናትየዋ "እርከኑን በደንብ ይሥራልኝ እንጂ ወጪውን ትቻለሁ" አሉ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ፤ ነጥቦቹ በባለሙያው የተለኩበት ቁጥር ተጻፈበት። የጎረቤትየውም ሚስት ፈረመች። ይህን ብዙ ሽማግሌ ይረሳዋል፤ የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ስለሆነ ባል ብቻውን የለቀቀውን ወሰን ሚስት ነገ ልትቃወመው ትችላለች። ከዚያ ወረቀቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ መዝገቡ በዕርቅ ተዘጋ፤ እንዲህ የጸደቀ ዕርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ የካርታው እርማት። በሽምግልና የታረቁ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይዘናጋሉ። ድንጋዩ ቢመለስም በወረዳው መዝገብ ያለው መስመር የድሮው የ2010 መስመር ነው፤ ወራሾች ከሃያ ዓመት በኋላ ካርታውን ሲያወጡ ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሣል። ስለዚህ የጸደቀው ስምምነት ግልባጭ ወደ ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ገብቶ የሁለቱም ማሳ ካርታ መስተካከል አለበት።

ማሳውን ለሌላ ሰጥቶ የሚያሳርስ፣ ወይም ቤተሰቡ ገጠር ያለ አንባቢ ካለ፣ በመጪው በጋ አዋሳኞቹንና አንድ አረጋዊ ይዞ ድንበሩን በእግሩ ይዙር፤ የወሰን ድንጋዮቹን በፎቶ ያንሳ፤ ካርታው ላይ ያለውን መስመር ከመሬቱ ጋር ያስተያይ። አፋፉ ሸሽቶ ካገኘውም ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክት፤ ያመለከተበትንም ቀን የሚያሳይ ግልባጭ በእጁ ያስቀር።